የኤግዚቢት ቅብብሎሽ፦ የተያዘ ዱቄት ከብርበራ እስከ ችሎት የሚጠበቅበት መንገድ፣ ሲበጠስም ክሱ የሚሳሳበት ቦታ

ኤግዚቢት ለችሎት ሲቀርብ ዐቃቤ ሕግ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት። የቀረበው ዕቃ ከተከሳሹ ዘንድ የተያዘው ራሱ ነው፤ ላቦራቶሪው የመረመረውም ይኸው ነው፤ ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ ማንም አልለወጠውም፣ አልጨመረበትም፣ አልቀነሰበትም። የቅብብሎሽ ሰንሰለት የሚባለው ይህን የሚያሳየው ያልተቋረጠ የርክክብ መዝገብና ዕቃውን በየተራ የያዙት ሰዎች ምስክርነት ነው።

ሁሉም ኤግዚቢት እኩል ጥንቃቄ አይጠይቅም። መለያ ቁጥር ያለው ሽጉጥ ሁለት ቀን የት እንዳደረ ባይታወቅ እንኳ፣ የያዘው ፖሊስ ቁጥሩን በዕለቱ መዝግቦ ከሆነ ችሎት ላይ አይቶ «ይኸው ነው» ሊል ይችላል። ክርክሩ ሽጉጡ ላይ ስለተገኘ ደም ከሆነ ግን ቁጥሩ አያድነውም። ዱቄት፣ ደም፣ ፈሳሽ አንዱ ከሌላው በዓይን አይለይም፤ መታወቂያቸው መዝገባቸው ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንከተለው በአደንዛዥ ዕፅነት የተጠረጠረ ዱቄትን ነው። ዱቄትን በትክክል መጠበቅ የቻለ ሌላው አይከብደውም።

ከዝርዝሩ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ዕቃው ያው መሆኑን የሚያረጋግጡ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ፊርማ፣ ማሸጊያና ክብደት። ፊርማው ዕቃው በየሰዓቱ በማን እጅ እንደነበረ ይናገራል። ማሸጊያው ማንም ባልተመለከተበት ሰዓት ዕቃው እንዳልተነካ ይመሰክራል። ክብደቱ ደግሞ ውስጥ ያለው እንዳልጎደለ ወይም እንዳልጨመረ ያሳያል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ክሱን ተሸክመው ያሻግሩታል። ሁለቱ በአንድ ላይ፣ በዚያውም በአንድ የጊዜ ክፍተት ውስጥ ከጎደሉ ግን ክሱን የሚያድነው ነገር እምብዛም ነው።

ዕቃው ከመነካቱ በፊት

መጀመሪያ ፎቶ ይነሳል፤ አንዱ ከሩቅ፣ ዕቃው የት እንዳለ የሚያሳይ፣ ሌላው ከቅርብ፣ ማስመሪያና የኤግዚቢት ቁጥር አጠገቡ ተደርጎ። ቀጥሎ አንድ ሰው ሰብሳቢ ይሆናል፤ ሌሎቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ። በብርበራው ላይ ዕቃውን እየተቀባበሉ ያገላበጡት ሰዎች ሁሉ ነገ ምስክር ሆነው ሊጠየቁ የሚችሉ ናቸው። አራት ሰው ነክቶት ቅጹ ላይ አንድ ስም ብቻ ካለ፣ ሰንሰለቱ ገና ሳይጀመር ተበጥሷል ማለት ነው።

ሰብሳቢው ጓንት ያደርጋል፣ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላው ሲሄድም ይቀይረዋል። የተገኙት ሦስት ከረጢቶች ከሆኑ እንደ ሦስት ይቆያሉ። ለማሸግ እንዲመች ብሎ ወደ አንድ መገልበጥ የማይመለስ ጥፋት ነው፤ አንዱ ከረጢት ዕፅ፣ ሁለቱ ሌላ ነገር ቢሆኑ ኖሮ እንኳ ከዚያ በኋላ የሚያውቅ አይኖርም፤ ተከላካይ ጠበቃም ይህንኑ ይጠይቃል።

ክብደት፦ በግምት አይጻፍም

ቦታው ላይ ወይም ጣቢያ ሲደረስ የሚመዘነው ጠቅላላ ክብደቱ፣ ማለትም ዱቄቱ ከነከረጢቱ ነው። ከረጢቱን ፈትቶ ዱቄቱን ብቻ መመዘን የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑ ይታያል፤ ሥር ወረቀት ወይም ሳህን ከተነጠፈ እሱ ተቀምጦ ሚዛኑ እንደገና ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከዚያ ዕቃው ይቀመጣል። የሚዛኑ ቁጥር ከነዕቃው በአንድ ፎቶ ይያዛል። ቅጹ ላይ «48.6 ግራም» ብሎ መተው አይበቃም፤ «ሦስት ከረጢት፣ ከነከረጢታቸው፣ 48.6 ግራም» ተብሎ የሚዛኑ መለያ ይጨመራል።

ሚዛን ከሌለ «50 ግራም ገደማ» ብሎ መጻፍ ከዝምታ ይብሳል። የከረጢቱ ብዛት፣ መጠኑና መልኩ ተጽፎ «አልተመዘነም» ቢባል ማንም ሰው አይወቀስበትም። ግምት ግን ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ እንደ ልኬት ይነበባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው የኦ ጄ ሲምፕሰን የግድያ ክስ የተከሳሹን ደም የቀዳው ነርስ መጠኑን በዕለቱ አልመዘገበም ነበር፤ ሲጠየቅ ወደ 8 ሚሊ ሊትር እንደሚሆን መሰከረ። ተከላካዮቹ በምርመራ ላይ የዋለውንና የቀረውን ደምረው 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል ጎደለ አሉ፤ ጎደለ የተባለውም ደም በወንጀሉ ማስረጃዎች ላይ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል የሚል ክርክር አስከተሉ። ነርሱ በኋላ ግምቱ ትክክል ላይሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ጥርጣሬው ግን ተዘርቶ ነበር። ሳይባባስም አልቀረም፤ አንድ መርማሪ ብልቃጡን ወዲያው ኤግዚቢት ክፍል በማስገባት ፈንታ ይዞት ወደ ተከሳሹ ቤት ሄዶ ነበርና። የመጠን ክፍተቱና የርክክቡ ክፍተት ተደጋገፉ። ተከሳሹ እ.ኤ.አ. በ1995 በነጻ ሲሰናበት ሌሎች ብዙ ምክንያቶችም ነበሩ፤ የብልቃጡ ነገር ግን አንድ መርፌ መጠን ያለው ቁጥር በዕለቱ ባለመጻፉ የመጣ ጣጣ ነው።

ማሸግ

ሲከፈት ምልክት የሚተው፣ ቁጥር የታተመበት የማስረጃ ቦርሳ ካለ እሱ ይመረጣል። ከሌለ ጠንካራ ፖስታ ይበቃል፤ ክፍት ጎኖቹ ሁሉ፣ ፋብሪካው ያጣበቀው የታችኛው ጠርዝ ሳይቀር፣ በፕላስተር ይታሸጋሉ። ከዚያ ሰብሳቢው ፊርማውንና ቀኑን ግማሹ ፕላስተሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይጽፋል። ፕላስተሩ ተነስቶ ቢመለስ መስመሩ አይገጥምም። ስቴፕለር ማሸጊያ አይደለም፤ ይነቀላል፣ በዚያው ቀዳዳ ይመለሳል።

መለያ ጽሑፉ ዕቃው ከመግባቱ በፊት ይጻፋል፤ የሞላ ቦርሳ ላይ መጻፍ ዕቃውን ሊጎዳ ይችላል፣ ጽሑፉም አይነበብም። የመዝገብ ቁጥር፣ የኤግዚቢት ቁጥር፣ የዕቃው መግለጫ፣ የተገኘበት ትክክለኛ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና የሰብሳቢው ስም ይገባል። እርጥበት ያለው ነገር በፕላስቲክ ውስጥ አይታሸግም፤ ይሻግታል። እርጥብ ተክል ከሆነ ደግሞ እየደረቀ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ይህ ካልተጻፈ በኋላ ስርቆት ይመስላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የማሸጊያው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ቦርሳው ላይ ብቻ ካለ ምንም አያረጋግጥም፤ አንድ ሰው ቦርሳውን ቀዶ ዕቃውን አዲስ ቁጥር ባለው ቦርሳ ቢያሽገው ልዩነቱን የሚያውቅ የለም። ቁጥሩ ከቦርሳው ተለይቶ በሚቀመጥ ወረቀት ላይም፣ ማለትም በብርበራው ቃለ ጉባኤ ወይም በርክክብ ቅጹ ላይ፣ በዚያው ሰዓት መስፈር አለበት። ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው።

የርክክብ ቅጹ

እያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ሰዓት፣ የአስረካቢ ስምና ፊርማ፣ የተረካቢ ስምና ፊርማ፣ የርክክቡ ምክንያት፣ የማሸጊያው ቁጥርና ሁኔታ ይይዛል። ሰዓቱ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ፤ የ24 ሰዓት አጻጻፍ ይሻላል። አንዱ የጠዋት 2፣ ሌላው 8፡00 እያሉ የጻፉት ቅጽ ላይ ያልተፈጠረ የስድስት ሰዓት ክፍተት ይታያል፤ ዳኛ ፊት ማብራራቱ ደግሞ አስቂኝ አይሆንም።

ቅጹን በራስዎ ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ተረካቢ የሆነው ሰው በሚቀጥለው መስመር ላይ አስረካቢ ሆኖ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ሰንሰለቱ የተበጠሰው በሁለቱ መስመሮች መካከል ነው። በዚህ መንገድ ሲፈተሽ በብዛት የሚታየው ክፍተት «ለላቦራቶሪ ተላከ» የሚለው ነው። ላቦራቶሪ ሰው አይደለም፤ መፈረም የሚችለው የናሙና ተቀባዩ ነው። ዕቃውን ያደረሰው ሾፌር ወይም ተላላኪ ስሙ የትም የለም፤ ከጣቢያ እስከ ላቦራቶሪ ያለው ሰዓት ሁሉ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። መደርደሪያ ወይም ሳጥን ውስጥ መግባትም ራሱን የቻለ መስመር ነው፤ የሳጥኑ ቁጥር ይጻፋል።

የተሳሳተ ነገር ሲታረም ጽሑፉ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው የእርማቱን ቀን ጨምሮ ይፈርማል። የተዘለለ መስመር በኋላ ቀን አይሞላም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት አንዲት የላቦራቶሪ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ2011 ዘጠና ናሙና ሳትፈርም ከኤግዚቢት ክፍል አውጥታ፣ መዝገቡን በኋላ የባልደረባዋን ምልክት አስመስላ ሞላችው። ምርመራው ሲቀጥል ናሙና ሳትመረምር ውጤት እንደጻፈችም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ21,000 በላይ ክሶች እንዲሰረዙ አደረገ። ከእነዚህ መካከል በትክክል የተመረመሩ ብዙ ናሙናዎች እንደነበሩ መገመት አያዳግትም፤ እነሱን ከሌሎቹ የሚለይ መዝገብ ግን አልነበረም።

ላቦራቶሪ ውስጥ

ተቀባዩ ከመፈረሙ በፊት ማሸጊያውን ያያል፣ ቁጥሩን ከቅጹ ጋር ያመሳክራል። ልዩነት ካየ ያየውን ይጽፋል፤ በቃል ነግሮ ማለፍ ነገ አይጠቅምም። መርማሪዋ ቦርሳውን የምትከፍተው የመጀመሪያው ማሸጊያ በሌለበት ጎን ነው፤ የሰብሳቢው ፊርማ ያለበት ፕላስተር ሳይነካ እስከ ችሎት ይቆያል። መጀመሪያ ከነከረጢቱ መዝና ከጣቢያው ቁጥር ጋር ታነጻጽራለች፤ ቀጥላ የተጣራውን ክብደት ትወስዳለች። ለምርመራ የዋለው መጠንና የቀረው ተለይቶ ይጻፋል፤ ሁለቱ ሲደመሩ የተጣራውን መስጠት አለባቸው። ከዚያ የከፈተችውን ጎን በራሷ ፊርማ ታሽጋለች፣ አዲስ ቁጥር ካለም ያንን ከአሮጌው ጎን ትመዘግባለች። የሚቻል ከሆነ ተከላካዩ ድጋሚ የሚያስመረምረው ያህል ይተርፋል።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር

ለማስረዳት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። ዓርብ 16፡40 ላይ ከመኪና ወንበር ሥር ሦስት ከረጢት ዱቄት ተያዘ። ሰብሳቢው መዝኖ 48.6 ግራም ጻፈ፣ የሚዛኑን ፎቶ አነሳ፣ 17፡05 ላይ አሸገ፣ የቦርሳውን ቁጥርም ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ። ጣቢያ ሲደርስ ኤግዚቢት ክፍሉ ተዘግቷል። 18፡10 ላይ ቦርሳውን የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ሰኞ 8፡30 ለኤግዚቢት ክፍል አስረከበ። ላቦራቶሪው ሲመዝን ሦስቱ ከረጢቶች 46.9 ግራም ሆኑ። የተጣራው 41.20 ግራም ነው፤ 0.35 ግራም ለምርመራ ዋለ፣ 40.85 ግራም ተመለሰ። ውጤቱ ዕፅ መሆኑን አረጋገጠ።

ቅጹን ብቻ የሚያይ ሰው ክፍተት አያይም፤ ዕቃው ከዓርብ እስከ ሰኞ «በሰብሳቢው እጅ» ነው። ጎበዝ ተከላካይ ግን «ዱቄቱ ተቀይሯል» ብሎ አይጀምርም። አጫጭር ጥያቄዎች ይጠይቃል። ቅዳሜ ሥራ ገብተው ነበር? አልገባሁም። እሑድስ? አልገባሁም። የመሳቢያው ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ አለ? ጽሕፈት ቤቱ ቅጂ አለው። ስለዚህ ለ62 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቦርሳውን አላዩትም? አላየሁም። ዓርብ ስንት ግራም ነበር? 48.6። ላቦራቶሪ ሲደርስስ? 46.9። ጥያቄዬን ጨርሻለሁ። 1.7 ግራሙ የት እንደሄደ አይጠይቅም፤ ጥያቄው በዳኛው አእምሮ ውስጥ ሲቀር የበለጠ ይሠራልና።

አሁን ዐቃቤ ሕጉ ከክርክሩ በፊት ይህን አይቶት ነበር እንበል። የሚጀምረው ከሚዛኑ ፎቶ ነው። ፎቶውን አተኩሮ ሲያየው ከከረጢቶቹ ሥር ተቀዶ የተነጠፈ ወረቀት አለ፤ የኤ4 ወረቀት ሲሶ ያህል። ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሆነ የተለመደ ኤ4 ወረቀት 5 ግራም ይመዝናል፤ ሲሶው 1.7 ግራም ገደማ ነው። ሚዛኑ ወረቀቱ ከተነጠፈ በኋላ ወደ ዜሮ አልተመለሰም። ልዩነቱ ምክንያት አገኘ። ሰብሳቢው ይህንን በተጨማሪ የምስክርነት ቃል፣ ቃሉ የተሰጠበትን ቀን ይዞ፣ ያስረዳል፤ የዓርቡ ቅጽ ላይ ያለው 48.6 ግን አይነካም። መሳቢያውን በተመለከተ ቁልፉን የያዘው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይመሰክራል። ከሁሉ በላይ ሰኞ የተረከበው የኤግዚቢት ክፍል ሠራተኛ እና የላቦራቶሪው ተቀባይ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑንና ቁጥሩ ከቃለ ጉባኤው ጋር አንድ መሆኑን ጽፈዋል። መሳቢያው መጥፎ ልማድ ሆኖ ይቀራል፤ ማሸጊያው ግን እነዚያን 62 ሰዓታት ይሸፍናል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፦ የማሸጊያው ቁጥር ዓርብ ዕለት ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም፣ ፕላስተሩ ላይም ፊርማ የለም። ወረቀቱ የክብደቱን ልዩነት ሊያስረዳ ይችላል፤ ነገር ግን «ሊሆን ይችላል» ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ተጥሏልና። ሰኞ የመጣው ቦርሳ የዓርቡ ቦርሳ ስለመሆኑ የሰብሳቢው ቃል ብቻ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ እንዳላየው መስክሯል። የላቦራቶሪው ውጤት የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን የሚናገረው ስለደረሰው ዱቄት ነው፤ ስለተያዘው ዱቄት የሚናገር የለም።

ፍርድ ቤት ክፍተትን እንዴት ይመዝናል

ክፍተት ሁሉ ማስረጃውን ውድቅ አያደርግም፤ ተከላካዮች ውድቅ ይሆናል ብለው ሲጠብቁ ያዝናሉ፣ ዐቃብያነ ሕግም ውድቅ አይሆንም ብለው ተማምነው ይዘናጋሉ። እንደ እንግሊዝና አሜሪካ ባሉ አገሮች በሚሠራበት የኮመን ሎው ሥርዓት ዐቃቤ ሕግ ዕቃው ያው ለመሆኑ ምክንያታዊ የሆነ ዕድል ካሳየ ይበቃዋል፤ የማይቻለውን ሁሉ ማስተባበል አይጠበቅበትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 በሜሌንዴዝ ዲያዝ ጉዳይ፣ ዕቃውን የነካ ሁሉ መቅረብ እንደሌለበትና የቅብብሎሽ ክፍተት በአብዛኛው የሚነካው ማስረጃው የሚሰጠውን ክብደት እንጂ ተቀባይነቱን እንዳልሆነ አስታውሷል። ማስረጃን ዳኛው በነጻነት በሚመዝንበት ሥርዓትም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ችግሩ፣ ተቀባይነት አገኘ ማለት ታመነ ማለት አለመሆኑ ነው። ክሱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ዱቄቱ ዕፅ መሆኑ ደግሞ የወንጀሉ አንድ ፍሬ ነገር ነው፤ በእሱ ላይ ጥርጣሬ ካደረ ሌላው ሁሉ ቢረጋገጥም ጥፋተኛ አያሰኝም። ቅጣቱ በግራም በሚለያይበት ሕግ ሥር ደግሞ ትንሽ የክብደት ልዩነትም ክሱን ከአንዱ እርከን ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል፤ ተከላካዩ ዕፅ መሆኑን አምኖ በመጠኑ ብቻ ሊከራከር ይችላል።

ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ቅጹን፣ ቃለ ጉባኤውንና የላቦራቶሪ ሪፖርቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ሦስት ነገር ያመሳክር፦ ስሞቹ ይያያዛሉ? የማሸጊያው ቁጥር በሦስቱም ላይ አንድ ነው? ክብደቱስ? ልዩነት ካገኘ መጀመሪያ ራሱ በዋና ጥያቄ ያንሳው፤ ከሰብሳቢው አፍ ሲወጣ ማብራሪያ ነው፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲወጣ የተደበቀ ነገር ይመስላል። ምክንያት ካጣለትና ልዩነቱ ማሸጊያው ካልተረጋገጠበት ክፍተት ጋር ከተገጣጠመ፣ በዚያ ኤግዚቢት ላይ የቆመውን ክስ አንስቶ በሌላ ማስረጃ የሚቆም እንዳለ ማየት ይሻለዋል። የተበጠሰ ኤግዚቢት ይዞ መቅረብ አብረውት የቀረቡትን ደህና ኤግዚቢቶችም ያስጠረጥራል፤ የሰበሰባቸው ያው ሰው ነውና።